ሚዛኑ ላይ የቀነሰው ምንድን ነው?

ስለ ማቅጠኛ ሻይና እንክብል

የፋሲካ በዓል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ውስጥ፣ በሻይ ሰዓት፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት ከዘንቢሏ ጥቅል ጥቅል ሻይ እያወጣች በጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች። በማሸጊያው ላይ የአንዲት ሸንቃጣ ወጣት ፎቶግራፍና አረንጓዴ ቅጠል ይታያል። «ከሰውነት መርዝ ያወጣል፤ ቦርጭ ያጠፋል፤ በአሥራ አራት ቀን ሰባት ኪሎ ይቀንሳል፤ መቶ በመቶ ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ትላለች ሻጯ። በእጅ ስልኳ ላይም «በፊት» እና «በኋላ» የተባሉ ፎቶግራፎች አሉ። ሴቶቹ ከበዓሉ ዶሮና ቅቤ በኋላ ቀሚሳቸው እየጠበበ መምጣቱን እየተጨዋወቱ ስለ ነበር ገበያው ደራ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በዚያ ቀን ለሌላ ጉዳይ ወደ ክፍሉ ጎራ ብላ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም አንድ ጥቅል ለመግዛት እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰድጄ ነበር። ያስቆመኝ ስለ ሻዩ ያለኝ ዕውቀት ሳይሆን የወር ደመወዝ አለመድረሱ ነው። ሻዩን ከገዙት መካከል አንዷ የክፍሉ ገንዘብ ያዥ፣ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈቀዱም፤ የደረሰባቸውን ግን «ሌላዋ እናት ትስማው» ብለው ከሁለት ወር በኋላ ራሳቸው አጫወቱኝ። ይህ ጽሑፍ በሳቸው ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው።

ወይዘሮዋ ሻዩን ሰኞ ማታ ጀመሩ። በዚያው ዕለት ጠዋት፣ ሚዛን ይዘው መንገድ ዳር ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ተመዝነው 82 ኪሎ ነበሩ። ሻጯ ያዘዘቻቸው ማታ ከመኝታ በፊት አንድ ከረጢት በፈላ ውሃ ዘፍዝፈው እንዲጠጡ፣ እራት እንዲተዉና እንጀራና ዳቦ እንዲቀንሱ ነው። ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ሆዳቸው ተጓጉሮ ቀሰቀሳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሦስትና አራት ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ይመላለሱ ጀመር። ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ልጅ ዘንድ ሲመዘኑ 79 ኪሎ ሆኑ። በአምስት ቀን ሦስት ኪሎ! ደስታቸው ልክ አልነበረውም። በማግስቱ ሁለተኛ ጥቅል አዘዙ።

ወረቀትና እርሳስ ይዘን ብናሰላው

ሚዛኑ አልዋሸም። ሦስት ኪሎ በእርግጥ ቀንሷል። ጥያቄው የቀነሰው ምንድን ነው የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ወርኀዊ ወጪያችንን እንደምናሰላው አድርገን ማስላት ይበቃል።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በውስጡ ወደ 7,700 ካሎሪ የሚጠጋ ኃይል ይዟል። እንግዲህ ሦስት ኪሎ ስብ ከሰውነት እንዲጠፋ ከ23,000 ካሎሪ በላይ መቃጠል አለበት ማለት ነው። ቁጭ ብላ የምትሠራ አንዲት ሴት ደግሞ በቀን የምታቃጥለው በአማካይ ወደ 2,000 ካሎሪ ነው። ይህ በአምስት ቀን 10,000 ይሆናል። ስለዚህ ወይዘሮዋ በእነዚያ አምስት ቀናት እህል የሚባል ነገር ባይቀምሱ እንኳ ሊያጡ የሚችሉት ስብ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ገደማ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ቁርስም ምሳም አልተዉም። የቀነሰው ስብ ቢበዛ ጥቂት መቶ ግራም ነው።

የቀረው ከየት መጣ? አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። በተቅማጥ የወጣው ውሃና አንጀት ውስጥ የነበረው ምግብ ዋናው ክፍል ነው። ሌላም አለ። ሰውነታችን ከእንጀራና ከዳቦ የሚያገኘውን ስኳር በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ሲያከማች፣ ከስኳሩ ክብደት ሦስት እጥፍ የሚሆን ውሃ አብሮ ይይዛል። እንጀራው ሲቀነስ ክምችቱ ያልቅና ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሚዛን ላይ ይታያል፤ በቦርጭ ላይ ግን የሚያመጣው ለውጥ የለም። ወደ ተለመደው አመጋገብ ሲመለሱም በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ተመልሶ ይሞላል።

የሌሊቱ ሰዓት ምስጢር

የሻዩን ባዶ ማሸጊያ ይዤ ወደ አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ሄድኩ። ባለሙያዋ መነጽራቸውን አድርገው በጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አነበቡና፣ ከሎሚ ሣርና ከዝንጅብል ቀጥሎ አራተኛ ላይ የተጻፈውን ቃል በጣታቸው አሳዩኝ። «ሴና» ይላል። «ይህማ የኛው ሰናመኪ ነው» አሉኝ።

ሰናመኪ ለዘመናት ለሆድ ድርቀት ሲያገለግል የኖረ ቅጠል ነው። ዛሬም በክኒን መልክ ተዘጋጅቶ በመድኃኒት ቤት ይሸጣል። ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር ከአንድ ሳምንት በላይ እንዳይወሰድም ይመከራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የቅጠሉ ንጥረ ነገር ሆድንና ትንሹን አንጀት ሳይነካ አልፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉት ተሕዋስያን ይፈቱታል፤ አንጀቱ ይኮማተራል፣ ውሃውንም መልሶ መምጠጥ ያቆማል። ይህ ሁሉ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል። ማታ ጠጥተው ጠዋት የሚያስሮጠው ስለዚህ ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የበላነው እህል ወደ ሰውነታችን የሚገባው በትንሹ አንጀት በኩል ነው። ሰናመኪው ትልቁ አንጀት ደርሶ ሥራውን ሲጀምር የእንጀራው፣ የወጡና የቅቤው ካሎሪ አብዛኛው ወደ ደም ገብቶ አብቅቷል። ሻዩ የሚያስወጣው ውሃውንና ገለባውን ነው። የሚያወፍረው ቀድሞ ገብቷል።

አያቶቻችን ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቁት ነበር። ኮሶ የሚጠጡት ትሉን ለማስወጣት ነው። በዚያን ዕለት ሥራ አይሠሩም፣ እንግዳ አይቀበሉም፤ ሰውነት እንደሚደክም ያውቃሉና። ኮሶ ለመቅጠኛ በየቀኑ ይጠጣ ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ እንደ እብድ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ግን ያንኑ ማጠብ ጥሩ መዓዛ ባለው ሻይ አድርገው ለአሥራ አራት ቀን ሲያዙልን «መርዝ ማስወጣት» ብለውታል። ለመሆኑ የሚወጣው መርዝ ስሙ ማን ነው? ከመጠጣቱ በፊትና በኋላ በምን ተለካ? ሻጯን ብትጠይቋት መልስ የላትም። ደምን የማጣራቱን ሥራ ጉበትና ኩላሊት ሌት ተቀን ይሠሩታል። ኩላሊት ለዚህ የሚፈልገው በቂ ውሃ ነው፤ ተቅማጥ ደግሞ ያንኑ ውሃ ይነሳዋል።

ሻዩ ለምን አልተው አለ?

ወይዘሮዋ ሁለተኛውን ጥቅል ሲጨርሱ ለማቆም ሞከሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆዳቸው ደረቀ። ከዚያም ፊታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ፤ በሳምንቱ ሲመዘኑ 83 ኪሎ ሆነው አገኙት። ከተነሡበት በአንድ ኪሎ በለጠ ማለት ነው። «ሻዩን ስተው አበጥኩ፤ ሰውነቴ መርዝ ሞልቶበታል ማለት ነው» ብለው አሰቡ። ሻጯም ይህንኑ አረጋገጠችላቸው። ስለዚህ በአንድ ከረጢት ፈንታ ሁለት ከረጢት ይጠጡ ጀመር።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያዋ እንዳስረዱኝ፣ ይህ እብጠት የመርዝ ምልክት አይደለም። ሰውነት ለብዙ ቀናት ውሃና ጨው ሲፈስበት ድርቅ እንደ መታው ገበሬ ይሆናል፤ ያገኘውን ሁሉ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። የሚያፈሰው ተቅማጥ በድንገት ሲቆም ይህ የመያዝ ሥራ ወዲያው አይቆምም። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ያብጣል፤ ከዚያ በራሱ ይጎድላል። ይህን የማታውቅ ሴት ወደ ሻዩ ትመለሳለች። ብዙዎችን በወጥመዱ ውስጥ የሚያቆያቸው ይኸው ነው።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሰውነት የሚፈሰው ውሃ ብቻ አይደለም። ፖታሲየም የሚባለው ማዕድንም አብሮ ይወጣል። ጡንቻ የሚሠራው በዚህ ማዕድን ነው፤ ልብም ጡንቻ ነው። ፖታሲየም ሲጎድል መጀመሪያ ሰውነት ይዝላል፣ ባት ይሸመቅቃል፤ እየባሰ ሲሄድ የልብ አመታት ይዛባል። ለደም ግፊት ውሃ የሚያስሸና ክኒን የሚወስዱ ሰዎች በክኒኑም በኩል ፖታሲየም ሊያጡ ስለሚችሉ፣ ሻዩ ለነሱ ይበልጥ አደገኛ ነው። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴትም ልታስበው የሚገባ ነገር አለ። ብርቱ ተቅማጥ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ በእነዚያ ቀናት የዋጠችውን ክኒን እንዳልዋጠች መቁጠርና ሌላ መከላከያ መጨመር አለባት።

በመሳቢያው ውስጥ የነበረው ብልቃጥ

ሻዩ እንደ ፊተኛው አልሠራ ሲል ሻጯ ሌላ ነገር አመጣች። ስብ የሚያቃጥል የተባለ፣ ሠላሳ እንክብል የያዘ ትንሽ ብልቃጥ ነው። «ይህ ደግሞ ከቅጠል ብቻ የተቀመመ ነው» አለች። ወይዘሮዋ ጥቂት ቀን ወስደው አፋቸው እየደረቀ ራሳቸውን ሲያማቸው ተዉትና በመኝታ ቤት መሳቢያ ውስጥ አኖሩት።

ብልቃጡን ያገኘችው የ17 ዓመቷ ልጃቸው ናት። በትምህርት ቤት ጓደኞቿ ስለ ሰውነቷ ይቀልዱባት ስለ ነበር ለማንም ሳትናገር መውሰድ ጀመረች። ከእናቷ ሻይም ትጠጣ ነበር። የፈተና ሰሞን ስለሆነ ሌሊት አለመተኛቷን እናትየው ከጥናት ብዛት የመጣ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ምግብ መግፋቷንም በፈተና ሐሳብ ተረጐሙት። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ በባዶ ሆዷ አንድ ስኒ ቡና ጠጥታ ወጣችና በታክሲ ሰልፍ ላይ ወደቀች።

ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት የልብ ምቷ በደቂቃ 132፣ የደም ግፊቷ 150 በ95 ነበር። ወደ ሆስፒታል ተላከች። የደም ምርመራው ፖታሲየሟ 2.9 መሆኑን አሳየ፤ ጤናማው ከ3.5 እስከ 5 ነው። ሐኪሙ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብለው ጠየቁ። እናትየው «የለም» አሉ። ዋሽተው አይደለም። ሻዩም እንክብሉም «ከተፈጥሮ» ስለ ተባለ መድኃኒት ነው ብለው አላሰቡም፤ ልጃቸው መውሰዷንም አላወቁም። ሁለት ሰዓት ያህል ሐኪሞቹ የታይሮይድ በሽታ ይሆን፣ የልብ ሕመም ይሆን እያሉ ሲመራመሩ ቆዩ። በመጨረሻ ልጅቷ ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «እማዬ፣ ከመሳቢያው ወስጃለሁ» አለች።

በዚያ ብልቃጥ ውስጥ የነበረውን በላቦራቶሪ የመረመረው ሰው ስለሌለ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሐኪሙ ግን አፍ መድረቁን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ምግብ መዝጋቱን፣ የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን መጨመር አንድ ላይ ሲያዩ ወደ አእምሯቸው የመጣው ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ነው።

ሲቡትራሚን በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ለማቅጠኛ የተፈቀደ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነበር። በአንጎል ላይ እየሠራ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የልብን ምትና የደም ግፊትን ያወጣል። ወደ 10,000 በሚጠጉ፣ ዕድሜያቸው በገፋ፣ የልብ ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ለዓመታት የተደረገ ጥናት ውጤቱን ቁልጭ አድርጎ አሳየ። የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ከመቶ አሥሩ የልብ ድካም፣ የአንጎል ደም ሥር ችግር ወይም ከልብ ጋር የተያያዘ ሞት ሲደርስባቸው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ ከአሥራ አንድ የሚበልጡት ደረሰባቸው። በክብደት በኩል የተገኘው ጥቅም ደግሞ ትንሽ ነበር። በዚሁ ምክንያት በ2010 በአውሮፓም በአሜሪካም ከገበያ እንዲወጣ ተደረገ።

መድኃኒቱ ከመድኃኒት ቤት ቢወጣም ከዓለም አልጠፋም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን «ቅጠላቅጠል» እየተባሉ የሚሸጡ የማቅጠኛ እንክብሎችን ሲመረምር፣ በማሸጊያው ላይ ስሙ ያልተጠቀሰ ሲቡትራሚን ተደብቆባቸው በተደጋጋሚ አግኝቷል። በአንዳንዶቹ ውስጥ የተገኘው መጠን ድሮ ሐኪም ያዝዘው ከነበረው ይበልጣል። ነጋዴው ይህን የሚያደርግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቅጠሉ ብቻውን አይሠራም፤ የማይሠራ ዕቃ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ አይገዛም። እንግዲህ አንድ «የቅጠል» እንክብል በሦስት ቀን ውስጥ ምግብ ካስጠላችሁና እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ ይህ የማስጠንቀቂያ ደወል መሆን አለበት። ሐኪሙ እንዳሉት በዚህ ላይ ጠንካራ ቡና ወይም ጫት ሲጨመር ሁለቱም ልብን የሚያስሮጡ ስለሆኑ አደጋው ይደራረባል። ለድብርት የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች ከሲቡትራሚን ጋር ሲገናኙም ብርቱ መመረዝ ያመጣሉ።

ከመግዛት በፊት፣ ከወሰዱም በኋላ

ባለሙያዎቹ የነገሩኝን ምልክቶች ሳሰባስብ ከማሸጊያው ጌጥ ይልቅ ሊታዩ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው። መጀመሪያ፣ ኪሎና ቀን ቆርጦ ተስፋ የሚሰጥ ዕቃ በላይ በሠራነው ሒሳብ ይፈተን። ሰባት ኪሎ ስብ በአሥራ አራት ቀን ለማጥፋት ወደ 54,000 ካሎሪ መቃጠል ሲኖርበት፣ አንዲት ሴት በዚያ ጊዜ ውስጥ የምታቃጥለው ግን 28,000 ነው። ፈጽማ ብትጾም እንኳ አይደርስም።

ሁለተኛ፣ «ማታ ይጠጡ፣ ጠዋት ውጤቱን ያያሉ» የተባለ ሻይ ምንም ስም ቢሰጠው የሚያስቀምጥ መድኃኒት መሆኑን ሰዓቱ ይመሰክርበታል። በማሸጊያው ላይ ሴና፣ ካሲያ፣ ካስካራ ወይም እሬት የሚል ቃል ይፈለግ። ሦስተኛ፣ የንጥረ ነገሮቹ ስም እንጂ መጠናቸው ካልተጻፈ፣ የአምራቹ አድራሻ፣ የምርት ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ከሌለ፣ ችግር ቢደርስ የሚጠየቅ ሰው የለም። መድኃኒት ነው ከተባለም በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡን መጠየቅ መብታችን ነው። አራተኛ፣ ራስ ምታቱንና ተቅማጡን «መርዙ እየወጣ ነው፤ ይቀጥሉ» የሚል ሻጭ ሕመሙን ራሱን ማስታወቂያ አድርጎታል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ እነዚህን ነገሮች ጨርሶ መሞከር የለባትም።

የወሰደች ሴት ካለች ማቆም አለባት፤ ዕቃውን ግን አትጣል። ብልቃጡንና ማሸጊያውን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፣ ሳትጠየቅም ትናገር። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የልብ አመታት መዛባት፣ የትንፋሽ ማጠር ካለ ነገ አይባልም። ዓይን ቢጫ ከሆነና ሽንት ከጠቆረ ጉበት ተጎድቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል እንደዚሁ ነው። ሻዩን አቁማ የምታብጥ ሴትም እብጠቱ የሚያልፍ መሆኑን ትወቅ፤ ወደ ሻዩ በመመለስ ፈንታ በጤና ባለሙያ ትታይ።

ክብደት መቀነስ ለሚያስፈልጋት ሴት ስብ በእውነት የሚሄድበትን ፍጥነት ያው ሒሳብ ይነግራታል። በቀን 500 ካሎሪ ያህል ብትቀንስ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ይህ በሻጭ አፍ ሲነገር ትንሽ ይመስላል። በስድስት ወር ግን ወደ አሥራ ሁለት ኪሎ የሚደርስ መጠን ነው፤ ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ቢያንስ እንኳ ተመልሶ የሚሞላ ውሃ አይደለም።

ልጅቷ በሆስፒታል ሁለት ሌሊት አድራ፣ ፖታሲየሙ ተተክቶላትና የልብ ምቷ ተስተካክሎ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከፈተናዎቿ ሁለቱ አልፈዋት ነበርና በኋላ ለብቻዋ እንድትፈተን ተፈቀደላት። እናትየው ከሁሉ የከነከናቸው ግን ሌላ ነገር ነው። «ልጄ እኔ ሚዛን ላይ ወጥቼ ስደሰት ታየኝ ነበር» አሉኝ።

ሻጯ በሰኔ ወር ወደዚያው ክፍል ተመልሳ መጣች። አዲስ ማሸጊያ፣ አዲስ ስም ይዛለች። ወይዘሮዋ ከወንበራቸው ተነሥተው ጥቅሉን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉና በጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ለሴቶቹ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው ያነቡላቸው ጀመር። አራተኛው ቃል ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና፣ «ይህማ ሰናመኪ ነው፤ ቦርጭ አያጠፋም» አሉ። በዚያ ቀን ከጥቅሎቹ አንድም አልተሸጠም።